ቦክስ ፕሎት፦ የሁለት ክፍሎችን የፈተና ውጤት አነጻጽሮ ማንበብ

ቦክስ ፕሎት ወይም የሳጥን ግራፍ በርካታ ቁጥሮች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው እንዴት እንደተሰራጩ በአንድ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ በምትሰመር አንዲት መስመር እና ከሳጥኑ ግራና ቀኝ በሚወጡ ሁለት መስመሮች የሚያሳይ የስታቲስቲክስ ሥዕል ነው። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያስፋፋው አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነበር። አሠራሩ በወረቀትና በእርሳስ እንዲሳል የታሰበ በመሆኑ ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ ሌላ መሣሪያ ለሌለው መምህርም ይመቻል። ዋናው ጥቅሙ የሚታየው ሁለት ሳጥኖች በአንድ የቁጥር መስመር ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ተስለው ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ መከተል ይቀላል። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛ ሀ እና ለ9ኛ ለ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ መምህር እናስብ። የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ከመቶ አርሞ ውጤቱን ሮስተር ላይ ሲያሰፍር የሁለቱም ክፍሎች አማካይ ልክ 60 ሆነበት። ስሌቱ በእጅ እንዲሠራ ከየክፍሉ 15 ተማሪዎችን ብቻ ወስደናል፤ ቁጥሮቹም ለማብራሪያ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። የ9ኛ ሀ ውጤቶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ 24፣ 47፣ 52፣ 54፣ 57፣ 59፣ 61፣ 62፣ 64፣ 65፣ 67፣ 68፣ 70፣ 73 እና 77 ናቸው። የ9ኛ ለ ደግሞ 30፣ 35፣ 41፣ 45፣ 48፣ 52፣ 55፣ 58፣ 61፣ 66፣ 71፣ 79፣ 82፣ 86 እና 91 ናቸው። የእያንዳንዱ ክፍል ድምር 900 ስለሆነ አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱ ክፍሎች አንድ ናቸው ብሎ ያልፋል። ድርድሩን ዓይኑን ጣል አድርጎ ያየ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይችልም።

ሳጥኑን ለመሥራት መጀመሪያ የሚፈለገው ሚዲያን፣ ማለትም በተደረደሩት ውጤቶች መካከል ላይ የሚገኘው ቁጥር ነው። ከ15 ተማሪዎች መካከለኛው ስምንተኛው ስለሆነ የ9ኛ ሀ ሚዲያን 62፣ የ9ኛ ለ ደግሞ 58 ይሆናል። ቀጥሎ ከሚዲያኑ በታች ያሉት ሰባት ውጤቶች መካከለኛ ይወሰዳል፤ ይህ የመጀመሪያው ሩብ ይባላል፣ በ9ኛ ሀ 54፣ በ9ኛ ለ 45 ነው። ከሚዲያኑ በላይ ያሉት ሰባት ውጤቶች መካከለኛ ሦስተኛው ሩብ ሲሆን በ9ኛ ሀ 68፣ በ9ኛ ለ 79 ነው። ሳጥኑ ከመጀመሪያው ሩብ እስከ ሦስተኛው ሩብ ይዘረጋል፤ በውስጡ ያለችው መስመር ሚዲያኑ ላይ ትቆማለች።

እዚህ ላይ የሁለቱ ክፍሎች ልዩነት ራሱን ይገልጣል። የ9ኛ ሀ ሳጥን ከ54 እስከ 68 ሲሆን ርዝመቱ 14 ነጥብ ነው። የ9ኛ ለ ሳጥን ከ45 እስከ 79 ተዘርግቶ 34 ነጥብ ይሸፍናል። ሳጥኑ የክፍሉን መካከለኛ ግማሽ ስለሚይዝ፣ በ9ኛ ሀ ይህ ግማሽ በጠባብ ቦታ ተቀራርቦ ሲቀመጥ በ9ኛ ለ ከሁለት እጥፍ በሚበልጥ ስፋት ተበታትኗል ማለት ነው። ለመምህሩ ይህ ከሚዲያኑ የበለጠ ሥራ የሚያዝ መረጃ ነው። በ9ኛ ሀ አንድ ዓይነት ማብራሪያ ለአብዛኛው ተማሪ ሊበቃ ይችላል፤ በ9ኛ ለ ግን ከ50 በታች ያመጡ አምስት ልጆች ከ80 በላይ ካመጡ ሦስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል፣ የሚያስፈልጋቸውም አንድ አይደለም።

ሚዲያኖቹን ለብቻ ያወዳደረ ሰው 62 ከ58 ስለሚበልጥ 9ኛ ሀ ይሻላል ሊል ይችላል። ይህን ከማለቱ በፊት ግን የአራት ነጥቡን ልዩነት ከሳጥኖቹ ስፋት ጋር ማመዛዘን ይኖርበታል። የ9ኛ ለ ሚዲያን 58 በ9ኛ ሀ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል፤ የ9ኛ ሀ ሚዲያን 62ም በ9ኛ ለ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኖቹ እንዲህ ተደራርበው፣ የተማሪዎቹም ቁጥር ከየክፍሉ 15 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አራት ነጥብን የክፍል ብልጫ አድርጎ ማወጅ ሥዕሉ ያልሰጠውን ማስረጃ ከሥዕሉ መቀበል ነው። የአንዱ ሚዲያን ከሌላው ሳጥን ጨርሶ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ልዩነቱ ይበልጥ ተማምኖ መናገር ይቻል ነበር።

ከሳጥኑ ውጭ ያሉት መስመሮች የሚሳሉት ተነጣይ ውጤቶች፣ ማለትም ከሌሎቹ በእጅጉ ርቀው የቆሙ ቁጥሮች፣ ከተለዩ በኋላ ነው። በቱኪ የተለመደ ደንብ መሠረት የሳጥኑ ርዝመት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ የተገኘው ከመጀመሪያው ሩብ ይቀነሳል፣ በሦስተኛው ሩብም ላይ ይደመራል። ለ9ኛ ሀ 14 በአንድ ተኩል ሲባዛ 21 ይሆናል፤ ስለዚህ የታችኛው ወሰን 33፣ የላይኛው 89 ነው። 24 ከ33 በታች ስለሆነ ተነጣይ ተብሎ በነጥብ ብቻውን ይሳላል። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ቦታ የግራውን መስመር እስከ 33 ይስባሉ፤ ስሕተት ነው። ወሰኑ የማይሳል መለኪያ ነው፣ መስመሩ የሚቆመው በወሰኑ ውስጥ ባለው የመጨረሻ እውነተኛ ውጤት ላይ ነው፤ እዚህ 47 ላይ ማለት ነው። በቀኝ በኩል መስመሩ 77 ላይ ያበቃል።

ለ9ኛ ለ ሲሰላ የታችኛው ወሰን ከዜሮ በታች 6፣ የላይኛው 130 ይሆናል። ፈተናው ከመቶ ስለሆነ በዚህ ክፍል ማንም ተማሪ ምንም ቢያመጣ ተነጣይ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የግራው መስመር 30 ድረስ፣ የቀኙ 91 ድረስ ይዘልቃል። ከዚህ አንድ በጥሞና ሊያዝ የሚገባው ነገር ይወጣል፦ ተነጣይነት የውጤቱ ዝቅተኝነት መለኪያ አይደለም፣ ከራሱ ክፍል የመራቅ መለኪያ ነው። ያው 24 በ9ኛ ለ ቢገኝ ኖሮ በነጥብ አይለይም ነበር። በ9ኛ ለ ነጥብ ስላልታየ የሚያሳስብ ተማሪ የለም ብሎ መደምደም 30 እና 35 ያመጡትን ልጆች በረጅሙ መስመር ሥር መደበቅ ነው።

ተነጣይ ነጥብ ሲገኝ ተገቢው እርምጃ የተማሪውን መልስ ወረቀት አውጥቶ ማየት ነው። ቁጥሩን ዝም ብሎ መሰረዝ ምክንያቱን አብሮ ይሰርዛል። ምናልባት ተማሪው የፈተናውን ሁለተኛ ገጽ ሳይገልጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ከዘጌ በጀልባ የሚመላለስ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዘግይቶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ስሕተቱ ከሮስተሩ ነው፦ ወረቀቱ ላይ 42 የተጻፈው ሲገለበጥ 24 ሆኖ ሰፍሯል። የመጨረሻው እውነት ቢሆን ሲታረም ምን እንደሚለወጥ ማየት ስለ ሥዕሉ ጠባይ ብዙ ያስተምራል። የክፍሉ ድምር ወደ 918፣ አማካዩም ወደ 61.2 ከፍ ይላል። ሚዲያኑ ግን 62 እንደሆነ ይቀራል፤ ሩቦቹም 54 እና 68 ናቸው፣ ሳጥኑ ቅንጣት አይነቃነቅም። 42 ከ33 በላይ ስለሆነ ነጥቡ ይጠፋል፣ የግራው መስመርም ከ47 ወደ 42 ይሳባል። አንድ የተገለበጠ ቁጥር አማካዩን ከአንድ ነጥብ በላይ ሲያንቀሳቅስ ሚዲያኑና ሳጥኑ ባሉበት መጽናታቸው ቦክስ ፕሎት ለፈተና ውጤት የሚመረጥበት ምክንያት ነው።

በንባብ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስሕተት ርዝመትን ከብዛት ጋር ማምታታት ነው። የ9ኛ ለ ሳጥን ከሚዲያኑ በስተቀኝ 21 ነጥብ፣ በስተግራ 13 ነጥብ ይሸፍናል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ በስተቀኝ ብዙ ልጆች አሉ ይላሉ። ነገሩ እንዲያ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ እያንዳንዱ የሥዕሉ ክፍል በግምት የተማሪዎቹን ሩብ ይይዛል። የረዘመው ክፍል የሚናገረው እነዚያ ጥቂት ልጆች እርስ በርሳቸው መራራቃቸውን፣ ያጠረው ደግሞ መጠጋጋታቸውን ነው። ሰሌዳ ላይ ከሳጥኑ ሥር አሥራ አምስቱን ውጤቶች በጠመኔ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ማስቀመጥና ልጆቹ ራሳቸው እንዲቆጥሩ ማድረግ ይህን ስሕተት ከማንኛውም ማብራሪያ በፍጥነት ያርማል።

ስሌቱ በኮምፒውተር ሲሠራ ሌላ ልዩነት ይመጣል። በኤክሴል `QUARTILE.EXC` ለዚህ ምሳሌ ከላይ በእጅ ያገኘናቸውን ሩቦች ይሰጣል። `QUARTILE.INC` ግን ለ9ኛ ለ 46.5 እና 75 ስለሚሰጥ የሳጥኑ ርዝመት ከ34 ወደ 28.5 ይወርዳል። ሁለቱም ትክክለኛ የታወቁ ስልቶች ናቸው፤ ጥፋት የሚሆነው አንዱን ክፍል በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አስልቶ ማነጻጸር ነው። ተማሪዎች ጥቂት ሲሆኑ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፣ ክፍሉ ወደ 60 ሲጠጋ አብዛኛውን ጊዜ እየጠበበ ይሄዳል።

ሥዕሉ የማያሳየውም ነገር አለ። የተማሪዎቹ ብዛት በሳጥኑ ላይ ስለማይታይ ከጎኑ መጻፍ አለበት። ከዚህ የከበደው ደግሞ አንድ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ 40ዎቹ ውስጥ፣ ግማሹ 80ዎቹ ውስጥ ቢከማችና መካከሉ ባዶ ቢሆን፣ ቦክስ ፕሎቱ ሰፊ ሳጥን ከመሳል በቀር ክፍተቱን አያሳይም፤ ሚዲያኑም ማንም ተማሪ ያላመጣው ቁጥር ላይ ሊቆም ይችላል። የ9ኛ ለ ዓይነት ሰፊ ሳጥን ያጋጠመው መምህር ስለዚህ ወደ ሮስተሩ ተመልሶ ውጤቶቹ በመካከሉ ውስጥ ተከታትለው መኖራቸውን ማየት ይገባዋል። በምሳሌያችን ከ45 እስከ 79 ባለው ስፋት ውስጥ ትልቁ ክፍተት ከ71 እስከ 79 ያለው ስምንት ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ 9ኛ ለ የተበታተነ ክፍል ነው እንጂ ለሁለት የተከፈለ ክፍል አይደለም።