«ከሽፋን ውጭ» ምንድን ነው? የመካንነት ሕክምና፣ የውበት ቀዶ ጥገና እና ከአደጋ በኋላ የሚነሳው ክርክር

አሜሪካ ውስጥ ከጤና ኢንሹራንስ ጋር አብሮ የሚሰጥ አንድ ወፍራም የውል ሰነድ አለ። አብዛኛው ሰው ወርሃዊ ክፍያውንና ሐኪም ቤት ሲሄድ ከኪሱ የሚያወጣውን አይቶ ያስቀምጠዋል። በኋላ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ክፍል ግን ከዚያ ራቅ ብሎ፣ «ኤክስክሉዥንስ» በሚለው ርዕስ ሥር ይገኛል። ኤክስክሉዥን ወይም «ከሽፋን ውጭ» ማለት፣ ሐኪም ቢያዘውም እንኳ ኢንሹራንሱ እንደማይከፍልበት አስቀድሞ በውሉ ያስታወቀው ሕክምና ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የውበት ቀዶ ጥገናና የመካንነት ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ተጽፈው ኖረዋል።

ኢንሹራንሶች ለሁለቱም የሚሰጡት ምክንያት ተመሳሳይ ነው። መድን የተሠራው ሳይታሰብ ለሚመጣ ሕመም ነው፤ ሰው አስቦና መርጦ ለሚያደርገው ነገር ከከፈልን፣ ያንን ለማድረግ የወሰነ ሁሉ መጥቶ ይመዘገብና የሌላው ሰው ክፍያ ይንራል ይላሉ። ይህ ክርክር አፍንጫዋ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቅርጹን ለመለወጥ የፈለገችን ሴት በተመለከተ ያስኬዳል። መካንነትን ግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በሽታ ብሎ ይፈርጀዋል፤ ጥንዶች ለ12 ወራት ያለ መከላከያ ሞክረው እርግዝና ካልመጣ ማለት ነው። ልጅ መውለድ ያቃታቸውን ሰዎች ፊታቸውን ለማሳመር ከሚፈልጉ ጋር በአንድ መስመር ማስቀመጥ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ከውበት ቀዶ ጥገና እንጀምር። እዚህ ላይ ወሳኙ የቀዶ ጥገናው ስም አይደለም፤ የሚደረግበት ምክንያት ነው። በሙያው የተለመደው መለያ እንዲህ ይላል፦ ጤነኛና መደበኛ የሆነን አካል መልኩን ለማሻሻል ብቻ መቅረጽ የውበት ቀዶ ጥገና ነው። በአደጋ፣ በቃጠሎ፣ በኢንፌክሽን፣ በዕጢ ወይም በአፈጣጠር ችግር የተበላሸን አካል ማስተካከል ደግሞ የመልሶ ማስተካከል ቀዶ ጥገና ይባላል። በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ ማለትም የሜዲኬር ሕግም የውበት ቀዶ ጥገናን ከሽፋን ውጭ ያደርግና ወዲያው ሁለት በሮችን ይከፍታል፤ አንደኛው በአደጋ የደረሰ ጉዳትን በወቅቱ መጠገን ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅርጹ የተበላሸ አካል ሥራውን በተሻለ መንገድ እንዲሠራ ማድረግ ነው። የግል ኢንሹራንሶች ውልም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ አንቀጽ አለው። የጡት ካንሰርን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የፌዴራል ሕግ ክርክሩን ዘግቶታል። ጡት የማስወገድ ቀዶ ጥገናን የሚሸፍን ኢንሹራንስ፣ ጡቱን መልሶ ለመሥራትም ሆነ ሌላኛውን ጡት ከእሱ ጋር ለማመጣጠን የሚደረገውን ቀዶ ጥገና የመሸፈን ግዴታ አለበት።

ለአደጋ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ሕግ በየቦታው የለም። ክርክሩ የሚበዛውም እዚህ ነው።

አንድ ጉዳይ ወስደን እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሴት በመኪና ግጭት አፍንጫዋ ተሰበረ እንበል። ድንገተኛ ክፍል ትገባለች፣ በሲቲ ስካን ስብራቱ ይታያል። እብጠቱ ጎደል ሲል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሐኪሙ አጥንቱን ከውጭ ገፍቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኢንሹራንሱም ይህን ያለ ጥያቄ ይከፍላል። ከዘጠኝ ወር በኋላ ግን የግራ አፍንጫዋ አሁንም ዝግ ነው፤ ሌሊት በአፏ ነው የምትተነፍሰው፤ የአፍንጫዋ ድልድይም ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበለ ቀርቷል። ሐኪሙ በውስጥ ያለውን ግድግዳና የውጩን ቅርጽ በአንድ ቀዶ ጥገና ለማስተካከል ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚመጣው መልስ እንዲህ ነው፦ የውስጡ ግድግዳ ተፈቅዷል፤ የውጩ ቅርጽ የውበት ቀዶ ጥገና ስለሆነ ከሽፋን ውጭ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው ሕጉ እንዲህ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ከኪሱ ይከፍላል። ኢንሹራንሱ ግን ይህን የወሰነው ሴትዮዋን ሳያያት፣ የተላከለትን ወረቀት ብቻ አይቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ማየት ነው። ሐኪም ቤቱ በላከው ጥያቄ ላይ የበሽታ መለያ ቁጥሮች አሉ። `J34.2` የአፍንጫ ውስጥ ግድግዳ መጣመም ነው፤ `M95.0` ከተወለዱ በኋላ የመጣ የአፍንጫ ቅርጽ መበላሸት ነው፤ `Z41.1` ደግሞ ለውበት ቀዶ ጥገና የመጣ ታካሚ ማለት ነው። በስህተት ሦስተኛው ከተጻፈ፣ የቀረው ማስረጃ ምንም ያህል ቢበዛ ኢንሹራንሱ እምቢ ለማለት የሚፈልገውን አግኝቷል። የመጀመሪያው ብቻ ተጽፎ ሁለተኛው ከተረሳ ደግሞ የውጩ ጉዳት ከአደጋው ጋር የሚያያዝበት ክር ይጠፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃ ነው። ኢንሹራንሶች እንዲህ ላለው ቀዶ ጥገና የየራሳቸው የሕክምና መመሪያ አላቸው፤ የሚጠይቁት ነገር ግን ይቀራረባል። ከፊት፣ ከጎንና ከሥር የተነሳ ፎቶግራፍ ይፈልጋሉ። የአፍንጫ ስፕሬይ ለተወሰኑ ሳምንታት ተሞክሮ እንዳልረዳ በካርድ ላይ ተመዝግቦ ማየት ይፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ የውጩ ቅርጽ ካልተስተካከለ አየሩ እንደማይከፈት የሚያስረዳ የሐኪም ደብዳቤ ይፈልጋሉ። አጥንቱ ወደ ጎን ከዞረ ከሱ ጋር የተያያዘው ግድግዳም አብሮ ይጎተታልና፣ ውስጡን ብቻ ማቃናት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ይህን አናቶሚ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስቀመጠ ደብዳቤ፣ «ታካሚዋ በመልኳ ተጨንቃለች» ብሎ ከሚጀምር ሙሉ ገጽ ይበልጣል። ጭንቀቷ እውነተኛ ነው፤ የኢንሹራንሱ መመሪያ የሚመዝነው ግን እሱን አይደለም።

ከአደጋው በፊት የነበራትን መልክ የሚያሳይ ፎቶ ማያያዝም ያስፈልጋል፤ የመንጃ ፈቃዷ ፎቶ ይበቃል። ይህ ፎቶ ግን በሁለት በኩል ይሠራል። ከአደጋው በፊት አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ጉብታ ነበረ፣ ሐኪሙም «አብረን እናንሳው» ብሏታል እንበል። ጉብታው አደጋው ያመጣው አይደለም፤ ስለዚህ እሱን ማንሳት በእርግጥም የውበት ሥራ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሐኪሙ ያን ክፍል ለይቶ ለብቻው እንዲያስከፍላትና ለኢንሹራንሱ በሚላከው ጥያቄ ውስጥ እንዳይከተው ማድረግ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲቀርቡ ኢንሹራንሱ መለየቱን ትቶ ሁሉንም ሊጥል ይችላል።

ጊዜም አንድ ወጥመድ ነው። አንዳንድ ውሎች ከአደጋ በኋላ የሚደረግ ጥገና በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲፈጸም ይጠይቃሉ። ጠባሳ ግን ለመብሰል እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሐኪሙም ጠብቂ ሊል ይችላል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ «ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልግ ይሆናል» የሚለው በካርዱ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ፣ በኋላ ዘገየሽ ለሚል መልስ ይሆናል። ጠባሳን በተመለከተ ደግሞ በእኛ ቆዳ ላይ የሚበዛው ኬሎይድ አለ። መልክን አበላሸ ተብሎ ብቻ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። የሚያሳክክ፣ የሚያም ወይም መገጣጠሚያን የሚይዝ ከሆነና ይህ ከተመዘገበ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ወደ መካንነት ስንመጣ ድንበሩ ያለው በምርመራና በማስረገዝ መካከል ነው። የሆርሞን ምርመራ፣ የወንድ ዘር ምርመራ፣ የማሕፀን ቱቦ ራጅ ብዙ ጊዜ ይሸፈናሉ፤ ምክንያቱም በሽታ ፍለጋ ናቸው። ማዮማ ማውጣትም ሆነ የታይሮይድ ሕክምና እንደዚሁ ነው። ዘርን በቀጭን ቱቦ ወደ ማሕፀን ማስገባትና እንቁላልን ከሰውነት ውጭ አዳብሮ ወደ ማሕፀን መመለስ፣ ማለትም አይ ቪ ኤፍ፣ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ በሩ ይዘጋል። ማዮማዋ ብዙ ደም እያፈሰሰ ደም ማነስ ያመጣባትና ልጅም የምትፈልግ ሴት፣ ካርዷ ላይ «መካንነት» ብቻ ከተጻፈ ሊከለክሏት ይችላሉ። የደም መፍሰሱ እውነት ከሆነ እውነቱ ሁሉ ይጻፍ፤ የሌለ ሕመም ማስጻፍ ግን ማጭበርበር ነው።

አይ ቪ ኤፍን በተመለከተ ወሳኙ የሚኖሩበት ቤት ሳይሆን ውሉ የተጻፈበት ግዛት ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ኢንሹራንሶችን ታስገድዳለች፤ ኢንሹራንሱ ግን ሽፋኑን በአንድ ልደት በሦስት ሙከራ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ በ100,000 ዶላር መገደብ ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ ጥላለች። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ግዴታ ሳይኖርባት ቆይታለች። በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ ሦስት ቤተሰቦች፣ በሥራ ቦታቸው ምክንያት ሦስት የተለያየ መብት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ በመንግሥት የጤና ሽፋን እስከ ሁለት ልጅ ድረስ ሕክምናውን ያገኛሉ፤ እናቲቱ በራሷ እንቁላል የምትታከም ከሆነ የዕድሜ ጣሪያው 45 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ትልልቅ ቀጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኞቻቸውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ገንዘብ ነው፤ በካርዱ ላይ ስሙ የሚታየው ኢንሹራንስ ወረቀቱን ያስተናግዳል እንጂ ገንዘቡ የሱ አይደለም። ይህ «ሰልፍ ፈንድድ» ይባላል። በእንዲህ ያለው ዕቅድ ላይ የግዛት ሕግ አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከግዛቶች ግዴታ ነፃ አድርጎታል። ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ተቀጥሮም አይ ቪ ኤፍ ላያገኙ ይችላሉ። ለሰው ኃይል ክፍል መቅረብ ያለበት ጥያቄ «አይ ቪ ኤፍ ይሸፈናል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ዕቅዱ ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

የእምቢታ ደብዳቤ ሲመጣ በውስጡ ከሁለቱ አንዱን ፈልጉ። ደብዳቤው «በውሉ ውስጥ ጭራሽ የለም» ካለና እውነትም ከሌለ፣ እንደ አይ ቪ ኤፍ ባለው ጉዳይ ይግባኝ እምብዛም አያመጣም። ጥያቄው «ይህ የውበት ነው ወይስ የጥገና?» ከሆነ ግን የሕክምና ፍርድ የሚጠይቅ ስለሆነ ለመከራከር ቦታ አለ። ኢንሹራንሱ የተመሠረተበትን መመሪያ በነፃ እንዲልክ መጠየቅ መብት ነው። ሐኪሙም ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር መጠየቅ ይቻላል። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ለውስጥ ይግባኝ 180 ቀን አለ። ያም ውድቅ ከተደረገ በአራት ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ነፃ ወደሆነ የውጭ ገምጋሚ መሄድ ይቻላል። መልሱ በተለመደው ሂደት በ45 ቀን ውስጥ ይመጣል። ገምጋሚው ለታካሚዋ ከፈረደላት ኢንሹራንሱ መቀበል ግዴታው ነው።