ሽሮ በእንጀራ፦ የፕሮቲን መሟላት እና የዱቄቱ መጠን

ረቡዕና ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ምግብ ቤቶች በብዛት ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ ሽሮ በእንጀራ ነው። ሥጋም ሆነ እንቁላል የለበትም፤ ሆኖም በአሚኖ አሲድ ይዘቱ ሙሉ ሊባል የሚችል ምግብ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሽሮው በቂ ዱቄት ሲኖረው ብቻ ነው።

ፕሮቲን የሚሠራው ከ20 አሚኖ አሲዶች ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ያገኛቸዋል። ዘጠኙንም በሚያስፈልገው ልክ የያዘው የእንቁላል፣ የወተት፣ የሥጋና የዓሣ ፕሮቲን ሙሉ ይባላል። የእህልና የአብዛኛው ጥራጥሬ ፕሮቲን ደግሞ ጎደሎ ከሚባለው ይመደባል። ይህ ማለት ግን ከዘጠኙ አንዱ ጨርሶ የለውም ማለት አይደለም፤ ጤፍም ሽምብራም ዘጠኙንም ይዘዋል፣ የሚያንሳቸው የአንዳንዱ መጠን ነው። አንዱን ጨርሶ ያጣው፣ የሚገርመው፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣው ጄላቲን ነው፤ ትሪፕቶፋን የለውም።

ከሚፈለገው መጠን አንጻር ከሁሉም ይበልጥ ያነሰው አሚኖ አሲድ ገዳቢ ይባላል። ድሩ ያለቀበት ሸማኔ የቱንም ያህል ማግ ቢተርፈው ጋቢውን እንደማይጨርስ ሁሉ፣ ሰውነትም ገዳቢው ሲያልቅ የቀሩትን ለግንባታ ሊጠቀምባቸው አይችልም። የተረፉትን ለኃይል ያቃጥላቸዋል፤ ናይትሮጅናቸውም ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል።

በጤፍ፣ በስንዴና በሌሎች እህሎች ገዳቢው ላይሲን ነው። በጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶ ሰልፈር ያላቸው ሜታዮኒንና ሲስቲን ያንሳሉ። የአንዱ ጉድለት ሌላው የሚተርፈው ነው።

በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መለኪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው በአንድ ግራም ፕሮቲን ውስጥ 45 ሚሊ ግራም ላይሲን ሊኖር ይገባል። የጤፍ ፕሮቲን ወደ 28፣ የሽምብራ ደግሞ ወደ 67 ሚሊ ግራም ይይዛል። 150 ግራም የጤፍ ዱቄት የገባበት እንጀራ ወደ 16 ግራም ፕሮቲን እና ወደ 450 ሚሊ ግራም ላይሲን አለው። ብቻውን ከተበላ ላይሲኑ የመለኪያውን 62 ከመቶ ያህል ብቻ ያሟላል።

አሁን 60 ግራም የሽምብራ ሽሮ እንጨምርበት። ሽሮው 12 ግራም ፕሮቲን እና 800 ሚሊ ግራም ያህል ላይሲን ይዞ ይመጣል። ድምሩ 28 ግራም ፕሮቲን እና ወደ 1,250 ሚሊ ግራም ላይሲን ሲሆን፣ ሲካፈል ከ45 እምብዛም አይርቅም። ሽምብራው የሚያንሰውን ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ ደግሞ ጤፉ አትረፍርፎ ይሸፍነዋል።

ሽሮው በውኃ ተበራክቶ ዱቄቱ 30 ግራም ብቻ ከሆነስ? ውጤቱ ወደ 39 ይወርዳል። ቅመሙና ዘይቱ ጣዕሙን ስለሚሸፍኑ ተመጋቢው በምላሱ ጉድለቱን ላያውቅ ይችላል፤ የሚያሳብቀው ወጡ እንጀራው ላይ መፍሰሱ ነው። ስለዚህ «ሽሮ በልቻለሁ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በደረቅ ዱቄት ሲመዘን ለሁለት ተኩል እጅ ጤፍ አንድ እጅ ጥራጥሬ ያስፈልጋል። ተጋቢኖ ይህን በቀላሉ ያሟላል፤ ቀጭን ሽሮ ግን ከጎኑ የምስር ወይም የክክ ወጥ ቢቀርብለት ይሻላል።

ጠዋት በዳቦና በሻይ ብቻ ለሚውል ሰው ጉድለቱ የባሰ ነው፤ የነጭ ዱቄት ፕሮቲን በላይሲን ከጤፍም ያንሳል። ባቄላ ያለው ፉል በዳቦ፣ ወይም በምስር የተሞላ ሳምቡሳ፣ ይህንኑ ጉድለት ይሞላል። እህሉና ጥራጥሬው የግድ በአንድ ማዕድ መገናኘት የለባቸውም። አዋቂ ሰው ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ምስር ቢበላ የቀኑ ድምር ይበቃዋል።

ስሌቱ የማያሳየው ነገርም አለ። ከተክል የሚገኝ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ አይፈጭም፤ ስለዚህ ከላይ ካሉት አኃዞች ትንሽ መቀነስ ተገቢ ነው። ጥሬ ጥራጥሬ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች ስላሉት በደንብ መብሰል አለበት። ጥራጥሬው ከመፈጨቱ በፊት ሲቆላ እሳት ከበዛበት ደግሞ ላይሲኑ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ጥራጥሬውን ያጠቆረ ሰው የሚያጠፋው ለእህሉ ማሟያ የፈለገውን ራሱን ነው።

ለሕፃናት ሒሳቡ ይጠብቃል፤ ለክብደታቸው ሲሰላ የሚያስፈልጋቸው ላይሲን ከአዋቂ ይበልጣል፣ ሆዳቸው ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተዘጋጀው ፋፋ ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ያቀላቀለው ለዚህ ነበር። ቤት ውስጥ ገንፎ የምታዘጋጅ እናትም ከእህሉ ዱቄት ሲሶ ያህሉን በሽምብራ ወይም በአተር ዱቄት ብትተካ ወደዚያው መጠን ትቀርባለች።