መስከረም 17 የማይነቃነቀው ለምንድን ነው?

በየዓመቱ ደመራ ሲቃረብ እዚህ ሐዋሳ ተመሳሳይ ክርክር ይነሳል። በብዛት የምሰማቸው ሦስት ናቸው።

«መስቀል ክረምት ሲወጣ የሚከበር ስለሆነ ነው ቀኑ የማይለወጠው።»

ዝናቡ ቀን አያውቅም። ሐዋሳ ላይ መስከረም አጋማሽ አልፎም ይዘንባል፤ ጭቃ ላይ የተተከለ፣ እርጥብ ችቦው አልያዝ ያለ ደመራ ያላየ የለም። ቀኑን የያዘው የወር ቆጠራችን ነው። 12 ወር በ30 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6። ይህ የፀሐይ ዓመት ነው። መስቀል ጨረቃን ስለማይጠይቅ 17ን አይለቅም። የሚለወጠው ዕለቱ ብቻ ነው።

«ፋሲካን የሚያዘዋውሩት አባቶች በየዓመቱ ተሰብስበው ነው።»

ማንም አይሰበሰብም፤ ስሌት ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች 11 ላይ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን አቆጣጠር ልዩነቱን አያካክስም፤ ስለዚህ ኢድ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም ብሎ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ግን 11ን ያጠራቅምና 30 ሲሞላ ይጥላል።

የ2018ን እንይ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ 12 ቀረ፣ አበቅቴ ይባላል። ከ30 ሲቀነስ መጥቅዑ 18። ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 25፤ ነነዌ ጥር 25 ገባች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 እና 9፣ 34። ሠላሳው ሲነሳ ሚያዝያ 4። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

የሲዳማው ፍቼ ጫምባላላ ግን በዚህ ስሌት አይገዛም። ቀኑን የሚያሳውቁት ሰማይ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው።

«መስቀል ራሱ አንዴ ሴፕቴምበር 27፣ አንዴ 28 ነው፤ ያው ይዘዋወራል።»

እኛ ጳጉሜን 6 ስናደርግ ፈረንጆቹ ተጨማሪ ቀናቸውን የሚያገኙት ከወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ ነው። በመካከሉ አንድ ቀን እንለያያለን። ጳጉሜን 2015 ስድስት ስለነበረች የ2016 መስቀል 28 ላይ ዋለ፤ በ2017 ወደ 27 ተመለሰ።

እውነተኛው መንሸራተት ቀስ ያለ ነው። የእኛ ዓመት ከፀሐይ ዑደት 11 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ፈረንጆቹ ይህን ለማረም በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላሉ፤ እኛ አንዘልም። ከዚያ በኋላ መስከረም 17 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 28፣ አንዳንዴም 29 ይሆናል።