«ባንኩ ጽፎ ሰጥቶኛል እኮ!»

«ለቪዛ የሚሆነኝን የሂሳብ ደብዳቤ ባንኩ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጥቶኛል። ከዚህ በላይ ምን ይጎድለዋል?»

ብዙ ነገር። የቪዛ ሰነድ ማዘጋጀት እንጀራዬ ነው፤ ይህን ጥያቄ በሳምንት ሦስት አራቴ እሰማለሁ። ደብዳቤውን የሚጽፈው ልጅ መስኮቱ ላይ ሰልፍ እየጠበቀው የትናንቱን ደንበኛ ደብዳቤ ይከፍታል፣ ስምና ቁጥር ይቀይራል፣ ያትማል። ኤምባሲው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ የእሱ ሥራ አይደለም። ማኅተሙም ወረቀቱ ከባንኩ መውጣቱን ነው የሚመሰክረው፤ ውስጡ ያለው በቂ ስለመሆኑ ምንም አይልም።

አንዲት ደንበኛዬ ያመጡት ደብዳቤ ላይ ቀኑ «05/05/2017» ይላል። ጸሐፊው ጥር 5 ማለቱ ነው። ፈረንጁ የሚያነበው ግን ሜይ 5፣ 2017 ብሎ ነው፤ የስምንት ዓመት አሮጌ ደብዳቤ! በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 13፣ 2025 መባል ነበረበት። እኔ ባላየው እንዲሁ ይገባ ነበር። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በፊደል ይጻፍ በሏቸው።

«ብሩ ሂሳቤ ውስጥ አለ። ባላንሱ ከተጻፈ ይበቃል።»

ይህቺኛዋ ናት ራሴን የምታዞረኝ። ባላንስ የዛሬን ብቻ ነው የሚያሳየው። ኤምባሲ ደግሞ ከዛሬው ይልቅ የሰነበተውን ነው የሚያየው፤ ከጓደኛ ለሦስት ቀን ተበድሮ የሚያስገባ ሰው መኖሩን ከእኛ በላይ ያውቃል።

የእንግሊዝን የተማሪ ቪዛ ውሰዱ። የሚፈለገው ገንዘብ 28 ተከታታይ ቀን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። የ28ቱ ቀን ማብቂያ ደግሞ ከማመልከቻው በፊት ከ31 ቀን በላይ መቆየት የለበትም። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ቀን፣ የባለ ሂሳቡ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የባንኩ ስምና አርማ፣ የገንዘቡ መጠን ይኖራል። ከዚህ ሌላ ገንዘቡ 28 ቀን መቀመጡን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ባንኮቻችን የሚዘሉት ይህችኑ የመጨረሻዋን ነው።

አንድ ልጅ ማርች 24 ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ብሩ የገባው ማርች 3 ነው። ቆጠርን፤ 22 ቀን። «እስከ 30 ጠብቅ» አልኩት። ስቴትመንቱን ገልበጥ ሳደርግ ግን ማርች 17 ላይ 40 ሺህ ብር ወጥቷል፣ በማግስቱ ተመልሷል። «እህቴ ቸግሯት ነው፣ አንድ ቀን ብቻ!» አለኝ። አንድ ቀንም ቢሆን ከሚፈለገው በታች ወርዷል፤ ስለዚህ ቆጠራው ከማርች 18 እንደ አዲስ ጀመረ። 28ኛው ቀን ኤፕሪል 14 ሆነ። በማግስቱ ሌላ ደብዳቤ አጻፈ። የመጀመሪያውን እንዳለ ቢያስገባው ኖሮ ባላንሱ ትክክል፣ ማኅተሙ ትክክል፣ ቪዛው ግን ክልክል ሊሆን ይችል ነበር።

«የዶላሩን ሂሳብ ባንኩ አስልቶ ጽፎልኛል።»

ጥሩ፣ ግን አትመኩበት። እንግሊዞቹ ባመለከታችሁበት ቀን ኦአንዳ በተባለው ድረ ገጽ ምንዛሪ ራሳቸው ያሰላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን 74 ብር ገደማ ገባ። በዋዜማው ልክክ ብሎ የሞላ ሂሳብ በማግስቱ በሩብ ያህል ጎደለ። ከሚፈለገው ትንሽ አስበልጣችሁ አስቀምጡ።

«ሂሳቡ የአጎቴ ነው፣ ግን ብሩ የእኔ ነው።»

ለዚሁ የእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ በአብዛኛው የራስ፣ የወላጅ ወይም የሕጋዊ አሳዳጊ ሂሳብ ነው የሚሠራው። የወላጅ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የፈቃድ ደብዳቤ ይጨመራል። አጎት አባት አይደለም።

«ስሜ የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው።»

ፓስፖርቱ ላይ Tsehay፣ ባንኩ ላይ Tsehai። ለእኛ አንድ ፀሐይ ናት። ለማያውቅ ሰው ግን ሁለት ሰው ናቸው፤ በዚያ ላይ ባንኩ የአያት ስም ትቶ ከሆነ ጭራሽ ሦስተኛ ሰው ይሆናል። የባንኩን መዝገብ በፓስፖርቱ አስተካክሉ፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይጻፍ።

«ደብዳቤ ካለኝ ስቴትመንት ምን ያደርግልኛል?»

ለአውሮፓው የሼንገን ቪዛ ዋናው የሚታየው ስቴትመንቱ ነው፤ የሦስት ወር፣ አንዳንዱ ኤምባሲ የስድስት ወር ይጠይቃል። ሁለቱ ላይ ያለው ባላንስ እንዳይጋጭ በአንድ ቀን አሳትሟቸው።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ቁሙ። ፓስፖርታችሁን ክፈቱና ከደብዳቤው ጋር ጎን ለጎን ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። የፈራሚው ስምና የሚነሳ የቅርንጫፉ ስልክ መኖሩን እዩ፤ ደውለው ሊያጣሩ ይችላሉና። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ያጉረምርም። እኔ ዘንድ መጥታችሁ ስሕተት ካገኘሁ የምመልሳችሁ እዚያው ሰልፍ ላይ ነው።