አንድ ጨው፣ ሁለት ጠባይ፦ ሲሟሟ ለምን ይሞቃል? ለምን ይቀዘቅዛል?

ባሕር ዳር ኬሚስትሪ ሳስተምር በአንድ የክረምት ቀን ተማሪዎቼ ፊት አፈርኩ። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ኩባያው እንደሚሞቅ ነግሬያቸው ነበር። ጨምሬ አማሰልኩ። ቴርሞሜትሩ ግን ከፍ ማለቱን ትቶ ትንሽ ወረደ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ደግሞ ብልቃጡን ገልብጬ ማየት ጀመርኩ። ጥፋቱ የጨው አልነበረም። ነገሩን ለመረዳት ግን መጀመሪያ የጨውን ገቢና ወጪ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጨው ማለት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች፣ ማለትም አዮኖች፣ ተቃቅፈው በመደዳ የቆሙበት ክሪስታል ነው። ይህን እቅፍ ፈትቶ አዮኖቹን ለየብቻ ለማራቅ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ላቲስ ኢነርጂ ይባላል፤ ወጪው እሱ ነው። የተለያዩትን አዮኖች ደግሞ የውሃ ሞለኪዩሎች ከበው ሲይዟቸው ጉልበት ይወጣል። ይህ ሃይድሬሽን ኢነርጂ ነው፤ ገቢው እሱ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይገለብጠዋል፤ ማያያዣ ሲበጠስ ሙቀት የሚወጣ ይመስለዋል። ማያያዣ ሲበጠስ ሙቀት ይበላል፣ ሲታሰር ይሰጣል።

ገቢው ከበለጠ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ወደ ውሃው ይገባል። ወጪው ከበለጠ ጉድለቱ የሚሸፈነው ከውሃው በሚወሰድ ሙቀት ነው፤ ኩባያው ይቀዘቅዛል። እርግጥ ጨው ኩባያ ውስጥ መጀመሪያ ተበታትኖ ኋላ በውሃ አይከበብም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሂሳቡ ግን በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ድምሩ አይቀየርም።

የሚገርመው፣ ሁለቱ ቁጥሮች ግዙፍ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ጥቂት ነው። የገበታ ጨው ለአንድ ሞል 787 ኪሎጁል ገደማ ወጪ አለበት፤ ገቢው 783 ገደማ ነው። ገቢዋ ለወጪዋ ለጥቂት ያልደረሰላት ቤት ማለት ነው። ወጥ ላይ ጨው ስንጨምር ምንም የማይሰማን ለዚህ ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ 715 አውጥቶ 698 ያገኛል፤ 17 ጎድሎበታል። ደረቅ ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ 2,260 ገደማ አውጥቶ 2,340 ገደማ ያስገባል፤ 80 ያተርፋል። ካልሲየም ሁለት ቻርጅ ስላለው ክሪስታሉ በብርቱ ይያያዛል፤ ውሃም በዚያው ልክ በብርቱ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ውሃው አሸነፈ።

ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት አንድ ፍንጭ አለ። ላቲስ ኢነርጂ የሚወሰነው በሁለቱ አዮኖች መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ይህም የሁለቱ ስፋት ድምር ነው። ውሃ ግን እያንዳንዱን አዮን ለየብቻ ነው የሚያቅፈው። ትንሽ አዮን ከትልቅ አዮን ጋር ሲጣመር ትልቁ ክሪስታሉን ያላላዋል፤ ውሃው ግን ትንሹን እንደ ልቡ ይጠጋዋል። ስለዚህ ሊቲየም አዮዳይድ ሲሟሟ ለአንድ ሞል 63 ኪሎጁል ያህል ያሞቃል። ሊቲየም ፍሎራይድ ግን ሁለቱም ትናንሽ ስለሆኑ ክሪስታሉ ጠንክሮ ይይዛቸዋል፤ ሲሟሟም በትንሹ ያቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ኩባያው እንመለስ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በፎም ኩባያ እንያዝ። አንዱን ኩባያ ሌላው ውስጥ ብንከት ይሻላል፤ ሙቀቱን ይይዛል። ብርጭቆ ከሆነ ሙቀቱ በግድግዳው ያመልጣል፣ ቁጥሩም ያንሳል። 10 ግራም ደረቅ ካልሲየም ክሎራይድ 0.09 ሞል ነው። በ80 ኪሎጁል ሲባዛ 7.2 ኪሎጁል ይሆናል። 110 ግራሙን ፈሳሽ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.46 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ስናካፍል 16 ዲግሪ ይመጣል። ውሃው 23 ዲግሪ ላይ ከጀመረ 39 ይደርሳል፤ እጅ ላይ በደንብ ይሰማል። በዚያው ስሌት 10 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ውሃውን በ5 ዲግሪ ያቀዘቅዛል፤ የገበታ ጨው ደግሞ በአንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ።

የእኔ ኩባያ ታዲያ ለምን ቀዘቀዘ? ብልቃጡ ክዳኑ ላልቶ ሰነባብቷል። ክረምት ነው፤ የጣና ዳር አየር ደግሞ እርጥበት አያጣውም። ካልሲየም ክሎራይድ እርጥበት ይስባል፣ ውሃውንም ክሪስታሉ ውስጥ ያስገባዋል። አንድ ካልሲየም እስከ ስድስት የውሃ ሞለኪዩል ይይዛል። እንዲህ ማለት ውሃው አስቀድሞ አቅፎታል ማለት ነው። ሙቀቱም ያኔ፣ ሼልፉ ላይ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ወጥቶ አልቋል። ቀብዱን ተቀብሎ የበላ ሻጭ ዕቃውን ሲያስረክብ የሚደርሰው ገንዘብ ጥቂት ነው። ይህም ጨው እንደዚያው ነው። ኩባያው ውስጥ ሲገባ የቀረው ገቢ ትንሽ ነው፤ የክሪስታሉን ወጪ መሸፈን ያቅተዋል። ስድስት ውሃ የያዘው ጨው ሲሟሟ ለአንድ ሞል 15 ኪሎጁል ገደማ ከውሃው ይወስዳል። ከላይ በ10 ግራሙ ደረቅ ጨው ውስጥ የነበረውን ያህል ካልሲየም ለማግኘት 20 ግራም ያስፈልጋል፤ ውሃው በ3 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ካልሲየሙ ያው፣ ክሎራይዱ ያው፤ አንዱ 16 ያሞቃል፣ ሌላው 3 ያቀዘቅዛል።

በመሃል ያለም አለ። ብዙ ብልቃጥ የሚሸጠው ከመጀመሪያውም ሁለት ውሃ ይዞ ነው። የእሱ 10 ግራም ውሃውን በ7 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። ስለዚህ ተማሪ 16 ጠብቆ 7 ቢያገኝ ሙከራውን አበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ መለያው ላይ ያለውን የሞል ክብደት ማየት ነው፦ 111 ከሆነ ደረቁ፣ 147 ከሆነ ሁለት ውሃ ያለው፣ 219 ከሆነ ስድስት ያለው ነው። መለያው ግን የሚናገረው ፋብሪካው ሲያሽገው የነበረውን ነው። ከዚያ በኋላ የጠጣውን እርጥበት አይነግርም። ፍሬዎቹ ተጣብቀው ቋጥኝ ከሆኑ ወይም ግድግዳው ላይ ጠብታ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ስድስት ውሃ ያለው ደግሞ 30 ዲግሪ አካባቢ በገዛ ውሃው ይቀልጣል፤ በሚያዝያ የከሰዓት ሙቀት ብልቃጡ ውስጥ ፈሳሽ ብናገኝ አይግረመን።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። የላቲስና የሃይድሬሽን ቁጥሮች ከመጽሐፍ መጽሐፍ በብዙ ኪሎጁል ይለያያሉ። ለካልሲየም ክሎራይድ ይህ ብዙም አይጎዳም። ለገበታ ጨው ግን ወጪውን ከአንድ መጽሐፍ፣ ገቢውን ከሌላ የወሰደ ሰው ጨው ውሃ ያሞቃል ሊል ይችላል። ልዩነቱ ጥቂት ሲሆን ከመቀነስ ይልቅ በቴርሞሜትር መለካት ይታመናል። ሁለተኛው፣ መሞቅና መቀዝቀዝ ጨው ይሟሟል ወይስ አይሟሟም የሚለውን ብቻቸውን አይወስኑም። ፖታሲየም ክሎራይድ ጉድለት ላይ ሆኖም በደንብ ይሟሟል። ተሰድረው የቆሙት አዮኖች በውሃው ውስጥ ሲበተኑ የሚገኘው ነፃነት ጉድለቱን ይችለዋል። አርሶ አደሩ ለመርጨት ውሃ ውስጥ የሚያሟሟው ዩሪያም ባልዲውን ያቀዘቅዛል፤ ግን ዩሪያ አዮን የለውም፣ ስለዚህ በዚህ መዝገብ አይቆጠርም።

እኔ ያንን ብልቃጥ አልጣልኩትም። ከ250 ዲግሪ በላይ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት አቆየሁት። እየመዘንኩ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ጠበቅኩ። ገና ትኩስ ሳለ በጥብቅ ክዳን አሸግኩት። በማግስቱ ኩባያው 38 ዲግሪ ደረሰ።