በቀሪ ቀን የሚከፋፈል ጥናት፦ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የቆጠራ ፕሮግራም

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ብዙ ተማሪ ፕሮግራም አውጥቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ችግሩ አንድ ቀን ሲያመልጥ የተከታዩ ሁሉ መዛባቱ ነው። የቆጠራ ፕሮግራም ግን ቋሚ ሰሌዳ የለውም። ማታ ማታ የቀረው ሥራ ለቀሩት ቀናት ይካፈላል፤ የወጣው ቁጥር የነገ ድርሻ ይሆናል።

አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ 60 ቀን ቀርቶታል እንበል። የመጨረሻዎቹን 10 ቀናት ገና ከጅምሩ ላለፉት ዓመታት ፈተናዎች ያስቀምጣል። ከ50ው ላይ 7 እሁድ ሲቀነስ 43 የጥናት ቀን ይቀራል። ከሒሳብ፣ ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከሌሎቹ ያላጠናቸውን ምዕራፎች በ50 ደቂቃ ሲመትራቸው 129 ክፍለ ጊዜ ወጣ። ስለዚህ በቀን 3 ነው።

ከ15 የጥናት ቀን በኋላ 45 መጨረስ ነበረበት። መብራት ጠፋ፣ ሰርግ መጣ፣ 33 ብቻ ሠራ። የቀረው 96 ለ28 ቀን ሲካፈል 3.4 ገደማ ነው። አንድ ቀን 3፣ በማግስቱ 4 እያደረገ ይገባል። ዕዳው በአንድ ሌሊት ሳይሆን በ28 ቀን ተበተነ ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን ጣሪያ ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤት እየሄደ በቀን ከ5 ክፍለ ጊዜ በላይ የሚችል ተማሪ ጥቂት ነው። የትምህርት ቤቱ ሞዴል ፈተና ሳምንታት በልቶበት 12 ቀንና 72 ክፍለ ጊዜ ቢቀረው፣ በቀን 6 ይደርሰዋል። ጣሪያው 60 ብቻ ያስችለዋል። የተረፈው 12 መቆረጥ አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚቆርጡት እንቅልፍን ነው፤ ያነበቡትም አብሮ ይጠፋል። መቆረጥ ያለበት ቀድሞ በደንብ የሚመልሰው ምዕራፍ ነው። እሱን በፎርሙላ ክለሳ ብቻ ያልፈዋል።

«ጨረስኩ» የሚለውም ይፈተሻል። በማግስቱ ደብተር ሳይገለጥ 10 ጥያቄ ይሠራል። ከ7 በታች ካገኘ ምዕራፉ ወደ ቀሪው ሥራ ይመለሳል። ይህ ካልተደረገ ቁጥሩ ያታልላል፤ ሽምደዳ ሁሉ ጥናት ይመስላል።

ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን ራሱ ያስቸግራል። ትምህርት ሚኒስቴር ሰሌዳውን እስኪያሳውቅ ድረስ ሊሆን ከሚችለው ቀን ቀደም ያለውን መያዝ ይሻላል። ፈተናው ከዘገየ ድርሻው ይቀንሳል፤ በተቃራኒው ሲሆን ግን መውጫ የለም።

በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ሥራው እየቀነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ጠዋት አንድ ሙሉ ያለፈ ፈተና በሰዓት ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ስህተቱን እያረመ በአንድ ደብተር ያሰፍራል። ከዚያ በቀን 2 ክፍለ ጊዜ፣ ቀጥሎ 1፣ በጉዞው ቀን ምንም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኛው ተፈታኝ የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ ነው፤ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። በስልክ የተያዘ ማስታወሻ እዚያ አይጠቅምም። የስህተት ደብተሩ ቀድሞ በወረቀት መዘጋጀት ያለበት ለዚህ ነው።