ከመጠይቁ በፊት የወተት መዝገቡ፦ በመመረቂያ ጽሑፍ የጥናት ዘዴ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁጥር የሌለው ጥናት ተቀባይነት የለውም፤ ስለዚህ መጠይቅ እበትናለሁ።»

ዘዴውን የሚወስነው ጥያቄው ነው። በባሶና ወራና ውስጥ 240 አባላት ያሉት አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል፤ ተማሪው አባላት ወተት ማስረከብ የሚያቋርጡበትን ጉዳይ ሊያጠና ነው። «ስንቶቹ አቋረጡ?» ካለ ጥናቱ መጠናዊ ነው። «ለምን አቋረጡ? ውሳኔው በቤት ውስጥ እንዴት ይደረሳል?» ካለ ደግሞ አይነታዊ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መጠይቅ የበተነ ሰው የሚለቅመው ራሱ የጻፋቸውን አራት አማራጮች ነው። «የዋጋ ማነስ» በሚለው ላይ ብዙዎች ምልክት ያደርጋሉ። ክፍያው ስለሚዘገይባት ወተቱን ንጣ ቅቤውን ገበያ የምታወጣ እናት ግን በአማራጮቹ ውስጥ ራሷን አታገኝም።

«ናሙናዬ 150 ካልሞላ ዋጋ የለውም።»

ይህ ቁጥር የሚመጣው ተማሪዎቻችን ከሚወዱት ከያማኔ ቀመር ነው፦

```
n = N / (1 + N × e²)
240 / (1 + 240 × 0.05²) = 150
240 / (1 + 240 × 0.10²) ≈ 71
```

N የአባላቱ ብዛት፣ n የናሙናው መጠን፣ e ደግሞ የሚፈቀደው የስህተት መጠን ነው። በቀን ስምንት ቤት ማዳረስ ቢቻል 150 ሰው 19 ቀን፣ 71 ሰው ደግሞ 9 ቀን ይፈጃል። የ10 በመቶውን የመረጠ ተማሪ «40 በመቶዎቹ አቋርጠዋል» የሚል ውጤት ቢያገኝ እውነተኛው ቁጥር ከ30 እስከ 50 በመቶ ሊሆን እንደሚችል አምኖ ይጽፋል። ለጠቅላላ ግምት ይህ ይበቃል። በሴቶችና በወንዶች አባወራዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ግን አይበቃም፤ ከ71ዱ ውስጥ ሴቶቹ 12 ቢሆኑ የሁለት ሰዎች መልስ ብቻ መቶኛውን በ17 ያህል ይለውጠዋል።

ከመጠኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አመራረጡ ነው። ቀመሩ የሚሠራው የተጠያቂዎቹ ስም ከአባላት ዝርዝር በዕጣ ሲወጣ ነው። ማለዳ ወተት መረከቢያው ደጃፍ ቆሞ 150 ሰው የጠየቀ ተማሪ ያገኘው ያላቋረጡትን ነው፤ ያቋረጡትማ እዚያ ምን ያደርጋሉ?

«አይነታዊ ይቀላል፤ ስታቲስቲክስ የለበትም።»

አሥር ሰዎችን ለ45 ደቂቃ ማነጋገር ሰባት ሰዓት ተኩል የድምፅ ቅጂ ይሰጣል። አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ስለሚወስድ ከ30 እስከ 45 ሰዓት ይጠብቀናል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ከሆነ ትርጉሙ ይጨመርበታል፤ ሐሳቦቹን በየጭብጡ የመመደቡ ሥራ፣ ማለትም ኮድ መስጠቱ፣ ገና አልተነሳም።

የሰዎቹን ቁጥር በተመለከተ፣ ጌስት፣ ባንስ እና ጆንሰን በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ኑሮ ባላቸው ሰዎች መካከል አብዛኛው ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ እንደሚወጣ አሳይተዋል። በቂ ሰው ላይ መደረሱ የሚታወቀው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች አዲስ ምክንያት ሳያነሱ ሲቀሩ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ቅጂውን በየዕለቱ መገልበጥ ይገባል፤ ሁሉን ሰብስቦ ግቢ ከተመለሰ በኋላ የሚጀምር ሰው መቼ ማቆም እንደነበረበት አያውቅም።

«ቅይጥ ካልኩ ሁለቱንም ስለያዝኩ ጽሑፌ ይጠነክራል።»

ብዙ ጊዜ የሚታየው በምዕራፍ አራት ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ የማይነጋገሩ ሁለት ግማሽ ጥናቶች ናቸው። ቅይጥ የሚባለው አንዱ ለሌላው ሥራ ሲሰጠው ነው። ይህን በትንሽ ገንዘብ ለማድረግ መጠናዊውን ክፍል በመጠይቅ መሰብሰብ ግዴታ አይደለም፤ ማኅበሩ በየቀኑ የሚሞላው የወተት መረከቢያ መዝገብ አለ። በማኅበሩ ፈቃድ የእያንዳንዱን አባል ወርኃዊ ሊትር መገልበጥ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።

መዝገቡ ከመጠይቅ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ። የተማሪዎቻችን መረጃ መሰብሰቢያ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በ55ቱ ቀናት የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ «ባለፈው ወር ስንት ሊትር አስረከቡ?» የሚል ጥያቄ የሚለካው ጾሙን ነው። መዝገቡ ግን ከፋሲካ በኋላ የተመለሱትንና ሳይመለሱ የቀሩትን ይለያል። ከዚያ ከሁለቱም ወገን አራት አራት ሰው መርጦ ስምንት ቃለ መጠይቅ ማድረግ ነው፤ እነማንን እንደሚያነጋግር ለተማሪው የነገረው ቁጥሩ ነው።

መዝገቡ የማያውቀው ነገርም አለ። ሊትሩን እንጂ ላሟን አልጻፈም፤ ስለዚህ ላማቸው የነጠፈችባቸው አባላትም ካቋረጡት ጋር ይቆጠራሉ። የቃለ መጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ላሟ አሁን ትታለባለች?» ይሁን።